ለጋሽ እንድሪስ፦ ስለ ሳምንታዊ የድምፅ ትምህርት

ኮምቦልቻ፣ ሰኔ 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ መምህር ለጋሽ እንድሪስ
ደሴ

ጋሽ እንድሪስ፣ እንደምን ሰነበቱ? ጤናዎ እንዴት ነው? ቤተሰብዎስ? የጦሳ ብርድ ከወዲሁ ጀማምሮ ይሆናል፣ አላህ ጤናውን ይስጥዎ። ሰዓዳ እባላለሁ፤ ኮምቦልቻ ሰርግና ድግስ ላይ ከባንድ ጋር የምዘፍን ነኝ። አድራሻዎን የሰጠኝ አብሮኝ የሚጫወተው ክራር መቺያችን ነው። ደብዳቤውንም የሚያደርስልዎ እሱ ነው፤ አብራ የተላከችው ትንሽ ሚሞሪ ካርድ የእኔ ናት።

የምለምንዎ በሳምንት አንድ ቀን፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ 45 ደቂቃ ድምፅ እንዲያስተምሩኝ ነው። ዘፈን እንዲያስጠኑኝ አይደለም፤ ዜማውን ከካሴትም ከስልክም እይዘዋለሁ። ያጣሁት የሚሰማኝ ጆሮ ነው። ስልክ የቀዳውን መልሶ ያሰማል እንጂ «አሁን ጉሮሮሽን ዘጋሽ» ብሎ በዚያችው ቅጽበት አያስቆምም። ጥፋቱን ደግሜ ደግሜ ስለማመደው እየጸናብኝ ነው።

ድምፄ ያለበትን ሁኔታ ሳይሰሙ እንዳይፈርዱ ልንገርዎ። ሳልጨነቅ የምዘፍነው ከመካከለኛው ዶ በታች ካለው ላ ጀምሬ ከላይኛው ዶ ቀጥሎ እስካለው ሬ ድረስ ነው። እስከ ላይኛው ላ ያለው በደረት ድምፅ ሙሉ ሆኖ ይወጣል። ከላ ወደ ሲ ስሻገር ግን ይሰበራል፤ ወይ ገፍቼው ይጮሃል፣ ወይ ድንገት ወደ ራስ ድምፅ ይገባና ይቀጥናል፣ አድማጭ ሁለት ሴት የዘፈነች ይመስለዋል። ከሲ በላይ ያለው በራስ ድምፅ ንጹሕ ነው፣ ግን አቅም የለውም።

ይህ ስብራት ከሁሉ የሚከፋው በአምባሰል ላይ ነው። ክራራችን አምባሰልን ከሚ ያስራል፦ ሚ፣ ፋ፣ ላ፣ ሲ፣ ዶ። የዜማው እንባ ያለው ከላይ በኩል፣ ሲና ዶ በግማሽ ድምፅ በሚጠጋጉበት ቦታ ነው፤ እኔም የምሰበረው እዚያው ነው። «ክራሩን ዝቅ አድርጊውና ዝፈኚ» ይሉኛል። ሞክሬዋለሁ። ሁለት ድምፅ ዝቅ ሲል ላይኛው ይቀልላል፣ ነገር ግን ታችኛው ላ ፋ ላይ ይወርዳል፤ እዚያ ድምፅ የለኝም፣ ትንፋሽ ብቻ ነው የሚወጣው። የክራሩም ጅማት ይላላና መንጫጫት ይጀምራል። ስለዚህ መላው ቅኝቱን ማውረድ ሳይሆን መሻገሪያውን ማበጀት ነው ብዬ አምናለሁ።

አንድ ነገር ደርሼበታለሁ፣ ልክ መሆኑን እርስዎ ይፍረዱ። እዚያው ሲ ላይ «ቀረ» የሚለው ቃል ሲገጥመኝ ድምፄ ታንቆ ይወጣል። ቃሉን «ከረ» ብዬ ስዘፍነው፣ በዚያው ከፍታ፣ በዚያው ትንፋሽ፣ ይለቃል። ስለዚህ ጥፋቱ የከፍታው ብቻ አይደለም። ቀ፣ ጠ፣ ጨ እና ጸ ሲነገሩ ጉሮሮ ተዘግቶ ነው የሚፈነዱት፤ የእኔ ግን ከፈነዳ በኋላም ተዘግቶ ወደ አናባቢው ይገባል። «ከረ»ን አምስት ጊዜ ዘፍኜ ስድስተኛውን «ቀረ» ስለው ለአንድና ለሁለት ጊዜ ይሠራል፣ ከዚያ ይመለሳል። ቃሉ ሳይለሰልስ፣ ማለትም «ቀ» «ከ» ሳይሆን፣ ጉሮሮ እንዴት ቶሎ እንደሚከፈት ማወቅ እፈልጋለሁ። «ቀ»ን እንደ «ከ» የሚያለሳልሱ ዘፋኞች አሉ፤ ለእኔ ግን የአማርኛው ጥርስ እንደወለቀ ነው የሚሰማኝ።

ሌላው ሳድስ ላይ የሚያልቅ ቃል ነው። ዜማው አራት ምት ያህል ሲሳብ «ልቤን» የሚለውን በ«ን» ይዤ ልሳበው ወይስ በ«ቤ»? በ«ን» ስይዘው በአፍንጫ ይወጣል፤ «ልቤነ» ብዬ ስጨምርበት ይከፈታል፣ ግን ሁሌ ካደረግሁት ልማድ ይሆንብኛል። ለዚህ ደንብ ካለዎት ከመጀመሪያዎቹ ትምህርቶች በአንዱ ቢነግሩኝ ደስ ይለኛል።

የቅኝት ነገር ደግሞ አለ። አምባሰልን ከሚ፣ ትዝታ ማይነርን ከላ ስናስር አምስቱ ድምፆች አንድ ናቸው፦ ሚ፣ ፋ፣ ላ፣ ሲ፣ ዶ። የሚለዩት በማረፊያቸው ነው፤ አምባሰል ሚ ላይ ያርፋል፣ ትዝታው ላ ላይ። እኔ አምባሰል ጀምሬ በሦስተኛው ስንኝ ላይ ሳላውቀው ላ ላይ አርፋለሁ። አንድም ድምፅ አልሳትኩም፣ ግን ዘፈኑ ትዝታ ሆኗል፣ መሲንቆ መቺውም ፊቱን ያዞርብኛል። ባቲ ሜጀር ላይ (ከዶ ሲታሰር ዶ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ሲ) ይህ አይገጥመኝም፤ ሲው ወደ ዶ እየጎተተ ቤቱን ያስታውሰኛል። አንቺሆዬን ገና አልነካሁትም፤ አምባሰል ሳይጸና ብነካው ሁለቱም ይበላሹብኛል ብዬ ፈርቻለሁ።

ማስረቅረቅን በተመለከተ አጭር ላድርገው፦ አገጬ ይንቀጠቀጣል። አውራ ጣቴን ከአገጬ ሥር አድርጌ ሳስረቀርቅ መንጋጋዬ ከዜማው ጋር ሲመታ ይታወቀኛል። በደቂቃ 60 ምት ላይ፣ ለአንድ ምት ሁለት ድምፅ ስል ጥርት ይላል፤ ለአንድ ምት አራት ስል ግን ድምፆቹ ተለይተው አይሰሙም፣ ይድበሰበሳሉ። ሦስት ላይ እንድቆይ ያዙኛል ወይስ ሌላ መንገድ አለ?

በቤት የምሠራውን ልንገርዎ፣ የሚጎዳኝ ካለ እንዲያስቆሙኝ። ጠዋት ጠዋት 25 ደቂቃ ነው። መጀመሪያ 5 ደቂቃ በጁስ ስትሮ፦ ብርጭቆ በግማሽ ውኃ ሞልቼ ስትሮውን ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል ውኃው ውስጥ አስገብቼ በ«ኡ» ከታች ወደ ላይ እወጣለሁ፣ እወርዳለሁ። አረፋው እኩል ከሆነ ትንፋሼ እኩል ነው፤ ሲ ላይ ስደርስ አረፋው በአንድ ጊዜ ገንፍሎ ይቆማል፣ እዚያ እንደምገፋ የማውቀውም በእሱ ነው። ቀጥሎ 5 ደቂቃ «ስስስ» እያልኩ ትንፋሽ ማውጣት፤ አሁን 18 ሰከንድ ላይ ይዳከማል፣ በመስከረም ወደ 30 ሰከንድ ላድርሰው እፈልጋለሁ። ትከሻዬ ሳይነሳ የጎን አጥንቴ እንዲሰፋ መስታወት ፊት ነው የምሠራው። የቀረውን 15 ደቂቃ በአንድ ስንኝ ላይ አጠፋዋለሁ። ከዚህ በላይ አልሠራም፤ 40 ደቂቃ ስሠራ ከሰዓት በኋላ ንግግሬ ይሻክራል።

ሰርግ ላይ ከምሽቱ 2 ሰዓት እስከ 6 ሰዓት እንዘፍናለን፤ የእኔ ድርሻ ተደምሮ ሁለት ሰዓት ይሆናል። ስፒከሮቹ ወደ እንግዳው ስለሚዞሩ ራሴን አልሰማም፣ ያልሰማ ደግሞ ይጮሃል። አንድ ሞኒተር ወደ እኔ እንዲዞር ጠይቄ ከተደረገልኝ ወዲህ ቀንሷል። በማግስቱ ድምፄ ይጎረንናል፣ በሁለተኛው ቀን ይመለሳል። ሁለት ሳምንት ቢዘልቅ አንገት በላይ ሐኪም ጋ እንጂ እርስዎ ጋ እንደማልመጣ ከአሁኑ ቃል እገባለሁ፤ የታመመ ድምፅ አምጥቼ አላደክምዎትም።

ግቤ እንግዲህ እነዚህ ናቸው። በመስከረም ሦስተኛ ሳምንት ደሴ ላይ አንድ የባህል ኪነት ቡድን ድምፃውያን ይፈትናል፤ አንድ አምባሰልና አንድ ባቲ፣ በክራር ብቻ። እስከዚያ የምፈልገው አምባሰሉን ከሚ ሳላወርድ፣ ላና ሲ መካከል ሳልሰበር፣ ሚ ላይ አርፌ መጨረስ ነው። ባቲው ከዚያ የቀለለ ነው፤ ካሰብኳቸው 12 ትምህርቶች ሦስቱ ቢደርሱት ይበቃዋል። ከፈተናው ባሻገር ያለው ዋናው ፍላጎቴ ግን በአርባ ዓመቴም መዝፈን ነው። ስለዚህ ፈተናውን የሚያሳልፍ፣ ድምፄን ግን የሚያደክም አቋራጭ ካለ ይለፈኝ።

ከተስማሙ ቅዳሜ ሰኔ 28 ልጀምር፣ ከጠዋቱ 4 ሰዓት፤ 12 ቅዳሜ ሲሆን መስከረም 10 ላይ ያበቃል። ክረምት ላይ ሰርግ ስለማይበዛ ድምፄ ያርፋል፣ ከዚህ የተሻለ ጊዜ አላገኝም። ከኮምቦልቻ በሚኒባስ ስመጣ ሽቅብ ስለሆነ፣ የደሴ አየርም ስለሚቀዘቅዝ ግማሽ ሰዓት ቀድሜ ደርሼ ፒያሳ ሞቅ ያለ ውኃ ጠጥቼ፣ በስትሮ አሟሙቄ እመጣለሁ እንጂ የእርስዎን ሰዓት በማሟሟቂያ አልፈጅም። ክራሩንም እኔው ይዤ እመጣለሁ። ለአንድ ትምህርት 400 ብር አስቤአለሁ፤ ካነሰ ይንገሩኝ፣ አላፍርም። በየአራት ትምህርቱ ቀድሜ እከፍላለሁ፤ እኔ ብቀር ገንዘቡ የእርስዎ ነው፣ እርስዎን ካልተመቸዎት ወደ ሌላ ቅዳሜ እናዞረዋለን። በመጀመሪያዎቹ አራት ትምህርቶች «ይህች ልጅ አትሰማም» ካሉ ያለ አንዳች ቅያሜ እዚያው እናቆማለን።

ሚሞሪው ላይ ሦስት ድምፅ አለ፣ ሁሉም በስልክ የተቀዳ ነው፣ ያልታረመ። የመጀመሪያው አምባሰል ነው፤ 1 ደቂቃ ከ40 ላይ ይሰበራል፣ 2 ከ15 ላይ ወደ ትዝታ ይሸሻል። ሁለተኛው ባቲ ነው፤ ለማወዳደሪያ ነው የላክሁት። ሦስተኛው ያው ስንኝ በ«ቀረ» እና በ«ከረ»፣ ተራ በተራ። ጊዜ ካጠረዎት ሦስተኛውን ብቻ ይስሙልኝ፣ ግማሽ ደቂቃ ነው።

መልስዎን ለክራር መቺው ቢነግሩት ያደርስልኛል፤ ማክሰኞና ሐሙስ ደሴ ይመጣል። እምቢ ካሉኝም ሦስተኛውን ሰምተው ጉሮሮዬ የት ላይ እንደተዘጋ አንዲት ቃል ይላኩልኝ። አላህ ዕድሜና ጤና ይስጥዎ።

አክባሪዎ
ሰዓዳ

ቡናና ስኳሩ ከእናቴ ነው፤ የትምህርቱ ክፍያ ውስጥ አይቆጠርም፣ እምቢም ቢሉኝ አይመለስም ብላለች።