ስለ ትናንቱ ቃለ መጠይቅ ምስጋና

ጤና ይስጥልኝ፣ ለሰው ሀብት ኃላፊዋና አብረዋቸው ለነበሩት የመጋዘን ኃላፊ።

ትናንት ከሰዓት በኋላ ለረዳት ስቶር ኪፐርነት የጠየቃችሁኝ የባቲዋ ልጅ ነኝ። ጊዜያችሁን ሰጥታችሁ ስላነጋገራችሁኝ በጣም አመሰግናለሁ።

ከሁሉ በላይ ቃል ሲጠፋብኝ ስለጠበቃችሁኝ ነው የማመሰግነው። አፌን የፈታሁት በኦሮምኛ ነው። አማርኛን ትምህርት ቤት ፊደሉን ተማርኩ እንጂ የለመድኩት ሰኞ ሰኞ ባቲ ገበያ፣ እናቴ እህል ስትሸጥ አጠገቧ ቁጭ ብዬ ነው፤ አፋሩም አማራውም ኦሮሞውም እዚያ ስለሚገናኝ ሂሳብ በሦስቱም ቋንቋ ስሰማ አደግኩ። ስለዚህ ቁጥር አይከብደኝም። ረጅም ነገር ማስረዳት ላይ ግን ገና ነኝ። እትዬ፣ «አይዞሽ፣ ቀስ ብለሽ» ባሉኝ ጊዜ ልቤ ተረጋጋ፤ ሌላ ቦታ ተጠይቄ እንዲህ ያለኝ ሰው አልነበረም።

አንድ ጥያቄ ላይ መልሴ አጭር ነበር። «ቆጠራ ላይ ዕቃው ከቢን ካርዱ ጎድሎ ብታገኚ ምን ታደርጊያለሽ?» ስትሉኝ «እንደገና እቆጥራለሁ» ብዬ ዝም አልኩ። ለመናገር የፈለግኩት ይህን ነበር፦ መጀመሪያ ከሌላ ሠራተኛ ጋር ሆነን እንደገና እንቆጥራለን። ከዚያ ዕቃው ወጥቶ ካርዱ ላይ ያልተመዘገበ ሞዴል 22 እንዳለ አያለሁ፣ ምክንያቱም በተለማማጅነት በሠራሁበት መጋዘን ብዙ ጊዜ ጉድለት የሚመስለው እሱ ነበር፣ መኪና ቆሞ ሲጠብቅ ወረቀቱ ለነገ ይባልና ይረሳል። ሌላ መደርደሪያ ላይ ተቀላቅሎ እንደሆነም እፈልጋለሁ። ካልተገኘ በዚያው ቀን በጽሑፍ ለአለቃዬ አሳውቃለሁ። ካርዱን ግን በራሴ አልሰርዝም፣ ቁጥሩንም አላስተካክልም።

ይህን የጻፍኩት ነጥብ እንዲጨመርልኝ አይደለም። መልሱን እያወቅኩት ሳልናገረው በመውጣቴ ማታ እንቅልፍ ስለነሳኝ ነው።

መጋዘኑንም ስላስጎበኛችሁኝ አመሰግናለሁ። ካርዶቹ በየመደርደሪያው ተንጠልጥለው፣ መተላለፊያው ክፍት ሆኖ ሳየው ደስ አለኝ። እዚህ ብሠራ ብዙ እንደምማር ተሰማኝ።

የልምድ ወረቀቴን ዋናውን አምጪ ብላችሁኝ ነበር፤ ሐሙስ ጠዋት ይዤ ኮምቦልቻ እመጣለሁ፣ ለጥበቃ ሰጥቼ እንድሄድ ከፈለጋችሁም እንዲሁ አደርጋለሁ። ሥራው በፈረቃ ቢሆንም ችግር የለብኝም፣ አክስቴ ቤት ማደር እችላለሁ። ስልኬ ማመልከቻው ላይ የጻፍኩት ነው።

የጻፍኩት ላይ ስህተት ካለ ይቅርታ። በእኛ ቋንቋ ገለቶማ እንላለን።

ከአክብሮት ጋር
ጫልቱ፣ ከባቲ