የድርጅት ደንበኛ የመጀመሪያ 90 ቀናት፦ የአቀባበል ቅደም ተከተል

ይህ ቅደም ተከተል ጥቅምት 1 ለሚጀምረው፣ አዳማ ላለው ባለ አራት ፎቅ የባንክ ሕንፃ የፅዳት ውል የተዘጋጀ ነው። የሚሠሩበት የደንበኛ አስተባባሪዋ፣ የሳይቱ ሱፐርቫይዘርና ሒሳብ ክፍል ናቸው። ጥቅምት፣ ኅዳርና ታኅሣሥ ሠላሳ ሠላሳ ቀን ስለሆኑ 90ኛው ቀን ታኅሣሥ 30 ላይ ያርፋል።

ሦስት ወር ሙሉ የምንሠራው ደንበኛው ቅሬታውን በተሰማው ቀን እንዲነግረን ነው። የባንኩ የጠቅላላ አገልግሎት ኃላፊ ዝም ካለ ረክቷል ብለን አንደምድም። የየክፍሉን ማጉረምረም እያጠራቀመ ሊሆን ይችላል፤ እሱም የሚወጣው የክፍያ ጥያቄ ስናስገባ ነው።

ከመስከረም 20 እስከ 30

ሕንፃው ሁለት ጊዜ ይታያል፤ አንዴ በሥራ ሰዓት ሰው ሞልቶ፣ አንዴ ከተዘጋ በኋላ። ሱፐርቫይዘሩ ሜትር ይዞ የየፎቁን ካሬ፣ የወለሉን ዓይነት፣ የመፀዳጃ ቤቶችን ብዛት፣ የውኃ ቧንቧና የሶኬት ቦታዎችን፣ የሮቶውን ሊትር ይመዘግባል። ቀድሞ የነበረ ጉዳት ሁሉ ፎቶ ይነሳል፤ የተጫረ በር፣ የዛገ ቧንቧ የተወው ነጠብጣብ፣ አሲድ የበላው ቴራዞ። ፎቶዎቹ ታትመው ሁለቱም ወገኖች ይፈርሙባቸዋል። አሲድ የነካው ቴራዞ አንፀባራቂነቱን ያጣል፣ በውልወላም አይመለስም። ፊርማ ከሌለ በሁለተኛው ወር ጥፋቱ የእኛ ይሆናል።

ውሉ «አጠቃላይ ፅዳት» ስለሚል ሁሉም የየራሱን ያነባል። ስለዚህ የማንሠራውን የሚዘረዝር አንድ ገጽ ለብቻው ይፈረማል፤ ከመጀመሪያ ፎቅ በላይ ያለው የመስታወት ውጪያዊ ገጽ፣ የጄኔሬተር ክፍል፣ የሰርቨር ክፍልና የኤቲኤም ውስጥ በእኛ ሥራ ውስጥ አይገቡም። የገንዘብ ቤቱ አካባቢ የሚፀዳው የባንኩ ሠራተኛ ወይም ጥበቃ ባለበት ብቻ ነው። ቁልፍ ከሕንፃው አይወጣም።

የሚመደቡት አምስት ሠራተኞች ናቸው። ሦስቱ ከጠዋቱ 12፡00 እስከ 9፡00፣ ሁለቱ ከ5፡00 እስከ ምሽቱ 2፡00፣ በመሃል የአንድ ሰዓት ዕረፍት ይኖራቸዋል። ስድስተኛዋ ተጠባባቂ ስትሆን ሕንፃውን ሳታይ መተካት የለባትም። መንገዱን የማታውቅ ምትክ ግማሽ ቀን ስትጠይቅ ትውላለች።

ከጥቅምት 1 እስከ 10

ከመጀመሪያው የሥራ ቀን በፊት ባለው እሑድ ሕንፃው ከአራተኛ ፎቅ ወደ ታች፣ በየክፍሉም ከጣሪያ ወደ ወለል በጥልቀት ይፀዳል።

በዚህ ወቅት የአዳማ ነፋስ አቧራውን ያለማቋረጥ ያመጣል። ንጋት ላይ የተወለወለው የምድር ቤት ወለል 4፡00 ሲሆን ዱካ ይታይበታል፣ ደንበኛውም አልተፀዳም ይላል። ደረቅ መጥረጊያ በሕንፃው ውስጥ ክልክል ነው፤ አቧራውን አንስቶ ጠረጴዛ ላይ ያሳርፈዋል። በእርጥብ መወልወያ ብቻ ይሠራል። በዋናው በር ከውጭም ከውስጥም ምንጣፍ ይነጠፋል፤ የውጪው በየሁለት ሰዓቱ ይራገፋል። ምድር ቤቱ 5፡00 እና 9፡00 ላይ እንደገና ይወለወላል።

ጨርቅ በቀለም ይለያል፦ ቀይ ለመፀዳጃ ቤት፣ ሰማያዊ ለቢሮ፣ አረንጓዴ ለሻይ ክፍል። ለመፀዳጃ ቤት ባለ 5 በመቶ በረኪና 20 ሚሊ ሊትር በ980 ሚሊ ሊትር ውኃ ይበጠበጣል። መጀመሪያ ቆሻሻው በሳሙና ይታጠባል፣ ምክንያቱም ቆሻሻ የበረኪናውን ኃይል ይጨርሰዋል። ከዚያ ብጥብጡ 10 ደቂቃ ይቆይና ይታጠባል። በየጠዋቱ አዲስ ይበጠበጣል፣ የትናንቱ ይደፋል። በረኪናና አሲድ ያለው የመፀዳጃ ማጽጃ ፈጽሞ አይገናኙም፤ የሚወጣው የክሎሪን ጋዝ ሳንባ ይጎዳል። ኬሚካል በውኃ ፕላስቲክ መያዝ አይፈቀድም፣ ሰው ይጠጣዋል።

ውኃ የሚጠፋበት ቀን ስለማይቀር ሁለት ባለ 200 ሊትር በርሜሎች ሁልጊዜ ሞልተው ይቀመጣሉ። ቅድሚያው ለመፀዳጃ ቤት ነው።

ጥቅምት 3 ጠዋት አስተባባሪዋ ለጠቅላላ አገልግሎት ኃላፊው በቴሌግራም የምትልከው ይህን ነው፦

«ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን አደሩ? ሥራ ከጀመርን ዛሬ ሦስተኛ ቀናችን ነው። ከሁሉም ፎቅ በፅዳቱ ብዙ ቅር የተሰኘው የትኛው ክፍል እንደሆነ ቢነግሩን? እስከ ዛሬ 10፡00 ካሳወቁን ነገ ሠራተኞቻችሁ ከመግባታቸው በፊት አስተካክለን ፎቶውን እልክልዎታለሁ። አመሰግናለሁ።»

«ሁሉ ሰላም ነው?» ተብሎ አይጠየቅም። መልሱ «እግዚአብሔር ይመስገን» ነው፣ ከዚያ አያልፍም።

ጥቅምት 10 ከኃላፊው ጋር ሕንፃው ይዞራል። ሃያ ነጥቦች ከ0 እስከ 2 ይሰጣቸዋል። ድምሩ ከ40 ከ32 በታች ከሆነ በ48 ሰዓት ውስጥ ተስተካክሎ ዳግም ይታያል። ብዙ ጊዜ የሚረሱት የበር ፍሬም አናት፣ የመፀዳጃ ሳህን ጀርባ፣ የመብራት ማብሪያ፣ የደረጃ ጥግና የመደገፊያ ብረት ናቸው። ሱፐርቫይዘሩ ከዙሩ በፊት እነዚህን በእጁ ዳስሶ ይይ።

ከጥቅምት 11 እስከ ኅዳር 30

የመጀመሪያው ክፍያ ከፅዳቱ እኩል ትኩረት ይፈልጋል። የመገኘት ቅጹ በየቅዳሜው ይፈረማል። ለወሩ መጨረሻ ከተተወ የቀሩ ቀናት ክርክር ይነሳል፣ ማንም አያስታውስም። ጥቅምት 25 ሒሳብ ክፍል ለባንኩ ፋይናንስ ደውሎ ደረሰኙ በማን ስም እንደሚቆረጥ፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥሩን፣ የተጨማሪ እሴት ታክሱንና የዊዝሆልዲንግ ደረሰኙን አሰጣጥ ያረጋግጣል። ጥቅምት 30 ደረሰኙና የተፈረሙት ቅጾች አብረው ይገባሉ።

ኅዳር 12 ለብቻው ይታቀዳል። ኅዳር ሲታጠን ሰፈሩ ቆሻሻ ስለሚያቃጥል ጭሱና አመዱ በመስኮት ይገባል። መስኮቶቹ ከማለዳ ጀምሮ ይዘጋሉ፣ በነጋታው የመስኮት ደፎች ሁሉ በእርጥብ ጨርቅ ይጠረጋሉ።

የሳሙናና የሶፍት ፍጆታ ከጥቅምት ወር መዝገብ ተወስዶ የኅዳር ትዕዛዝ በዚያ ልክ ይሆናል። ኅዳር 15 ደግሞ ለባንኩ ሥራ አስኪያጅ የአንድ ገጽ ሪፖርት ይላካል። ጠቅላላ አገልግሎት ኃላፊው ቢዛወር የሚያውቀን ሌላ ሰው መኖር አለበት።

ታኅሣሥ

በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀናት አይበልጥም። በሳምንት ስድስት ቀን የሚሠሩት ሠራተኞች ይህን ጊዜ ታኅሣሥ 10 አካባቢ ይጨርሳሉ። የማይቀጥል ሠራተኛ ካለ ውሳኔው ኅዳር 25 ላይ ያልቃል፣ ተተኪዋም አንድ ሳምንት አብራ ትሠራለች። ሁለት ሰው በአንድ ሳምንት አይለወጥም። አዲስ ስም ለጥበቃው ከአንድ ቀን በፊት በጽሑፍ ይደርሳል፤ አለዚያ 12፡00 ላይ በር ላይ ትቆማለች።

ለታኅሣሥ 19 ቁልቢ ፈቃድ የሚጠይቁ ይኖራሉ፣ የድሬዳዋ መንገድም ይጨናነቃል። ጥያቄው እስከ ታኅሣሥ 5 ይቀርባል፣ የሚፈቀደው ለአንድ ሰው ነው፤ ተጠባባቂዋ ትገባለች።

የመጨረሻው ግምገማ 90ኛው ቀን ላይ አይያዝም። በዚህ ዓመት ገና ታኅሣሥ 29 ስለሚውል በማግስቱ ስብሰባ የሚቀመጥ ኃላፊ አይገኝም። ታኅሣሥ 24 ይደረጋል፣ ሥራ አስኪያጁም ይጋበዛሉ። የጥቅምት 10 ነጥብ ከአዲሱ ጋር ጎን ለጎን ይቀርባል፣ እስከዚያ ቀን የመጡ ቅሬታዎች ከተስተካከሉበት ቀን ጋር ይነበባሉ። ደንበኛው በመሃል የጠየቃቸው ተጨማሪ ሥራዎች በዋጋ ተለይተው ወደ ውሉ ይገባሉ ወይም ይቆማሉ። ቃለ ጉባኤው በዚያው ቀን ተፈርሞ አንድ ቅጂ በሳይቱ መዝገብ ይቀመጣል።