ለጀልባ ሞተር ጥገና ተለማማጅነት የቀረበ የማመልከቻ ደብዳቤ

ቀን፦ ጥቅምት 11 ቀን 2018 ዓ.ም.

በጣና ዳር ለሚገኘው የጀልባና የጀልባ ሞተር ጥገና ወርክሾፕ
ለሥራ አስኪያጁ
ባሕር ዳር

ጉዳዩ፦ በተለማማጅ መካኒክነት ለመሥራት ማመልከትን ይመለከታል

የተከበሩ ሥራ አስኪያጅ፣

ሁለት ተለማማጅ መካኒኮች እንደምትፈልጉ የሚገልጸውን ማስታወቂያ በወርክሾፑ በር ላይ አንብቤ ይህን ማመልከቻ ጽፌያለሁ። ማስታወቂያው 12ኛ ክፍል ያጠናቀቀ፣ ዋና የሚችልና ለአንድ ዓመት ሳያቋርጥ የሚሠራ ሰው ይጠይቃል። ሁሉንም አሟላለሁ። ይህን ያህሉን ሌሎች አመልካቾችም እንደሚያሟሉ ስለምገምት፣ እኔን ጠርተው ለማነጋገር ምክንያት ይሆኑዎታል ያልኳቸውን ነገሮች ዘርዘር አድርጌ እንዳስረዳ ይፍቀዱልኝ።

የተወለድኩት ዘጌ ነው። ቤተሰቦቼ የሚተዳደሩት በቡና ነው። የመኪና መንገድ ቢኖርም ለእኛ ሰፈር ሰው ጀልባው ስለሚቀርበው ቡናው ወደ ገበያ፣ ዘይቱና ስኳሩ ወደ ቤት፣ የታመመውም ወደ ሐኪም የሚሄደው በአብዛኛው በውሃ ላይ ነው። አጎቴ ባለ 40 የፈረስ ጉልበት ሞተር የተገጠመለት የሕዝብ ማመላለሻ ጀልባ አለው። ትምህርት በተዘጋ ቁጥር ከእሱ ጋር እሠራ ነበር። መጀመሪያ የተሰጠኝ ከጀልባው ወለል ውሃ መቅዳትና ከተሳፋሪ ሒሳብ መሰብሰብ ነው። ቆየት ብሎ ቤንዚንና ዘይት መቀላቀል፣ ካንዴላ አውጥቶ ማጽዳት፣ በፕሮፔለሩ ላይ የተጠመጠመ የመረብ ክር መፍታት ተጨመረልኝ። ከዚያ ያለፈውን አጎቴ አይነካም፣ እኔንም አያስነካኝም። ክዳኑ ከተከፈተ በኋላ ያለው ሁሉ የመካኒክ ሥራ ነው ባይ ነው፤ በዚህ አልከራከረውም። ችግሩ በእኛ በኩል መካኒክ አለመኖሩ ነው። ሞተር የተበላሸበት ጀልባ በሌላ ጀልባ እየተጎተተ ባሕር ዳር ይመጣል። ባለቤቱ ለጎታቹ ይከፍላል፣ ለጥገናው ይከፍላል፣ በላዩ ላይ የገበያ ቀኑ ያመልጠዋል። ይህን ሙያ የመረጥኩበት ዋናው ምክንያት ይኸው ነው።

መካኒክ ነኝ አልልም። ሞተርን ከውጭ ሆኜ አውቀዋለሁ፤ ድምፁን፣ ጭሱንና ሽታውን ለይቼ ‹ደህና አይደለም› እስከማለት እደርሳለሁ። ለምን ደህና እንዳልሆነ ግን ብዙውን ጊዜ በግምት ነው የምናገረው። አንዱን ግምቴን ላንሳልዎት።

11ኛ ክፍል ሳለሁ በፊዚክስ ስለ አየር ግፊት ስንማር አንድ ጥያቄ ተነሣብኝ። በአጎቴ ሞተር ላይ 40 የሚል ቁጥር ተጽፏል። ጀልባው ሰውና ኩንታል ሲሞላ ግን የተጻፈውን ያህል ጉልበት አይታይበትም። ያሮጌ ሞተር ባለቤት ‹አርጅቶ ነው› ይላል፤ አዲስ የገዛው ደግሞ ‹አስመስለው የሠሩትን ሸጡልኝ› ብሎ ነጋዴውን ይረግማል። የጣና ወለል ከባሕር ጠለል በላይ 1,786 ሜትር ገደማ ነው። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ላይ ካለው 80 በመቶ ገደማ ብቻ ስለሆነ ሞተሩ የሚስበው አየር ይሳሳል። ካርቡራቶሩ ለዝቅተኛ ቦታ እንደተስተካከለ ከመጣ ግን ቤንዚኑን በዚያው ልክ አይቀንስም። ስለዚህ ቤንዚን የበዛበት ድብልቅ ይገባል፣ ካንዴላው ይጠቁራል፣ ጉልበቱ ይወርዳል። የፊዚክስ መምህሬ ሐሳቡን አይተው ትክክል ነው ብለውኛል። ነጋዴውም ያለ ጥፋቱ ሲረገም ኖሯል ማለት ነው።

መጽሐፍ ያደረሰኝ እስከዚህ ነው። ቤንዚኑ የሚያልፍበትን የካርቡራቶሩን ቀዳዳ ጠበብ ባለ መቀየር ይሻላል ወይስ ውሃ አገፋፉ ቀለል ያለ ፕሮፔለር መግጠም? ሁለቱን አንድ ላይ ማድረግስ ይቻላል? ጭነት ይዞ ሄዶ ባዶውን የሚመለስ ጀልባ ሞተሩ ከልክ በላይ እንዳይዞር ምን ይደረጋል? ይህን በዚሁ ሐይቅ ላይ ሞተር ሲፈታና ሲገጥም ከኖረ ሰው አጠገብ ቆሜ መማር እፈልጋለሁ።

ስለ ማቀዝቀዣው ደግሞ ከመጽሐፍ ይልቅ ከሥራው የተማርኩት ይበልጣል። ሞተሩ የሚቀዘቅዘው ከሐይቁ በሚስበው ውሃ ነው፤ ውሃውን የሚገፋው በፓምፑ ውስጥ ያለው የጎማ መዘውር ነው። መዘውሩ እየሠራ መሆኑ የሚታወቀው ከሞተሩ ጎን በምትወጣው ቀጭን የውሃ ፍሰት ነው። አጎቴ ዓይኑ ወደ ፊት ስለሆነ ያችን ፍሰት መጠበቅ የእኔ ድርሻ ነበር። ስትሳሳ እነግረዋለሁ፣ ያጠፋል፣ ሞተሩን ከውሃ አውጥተን የመሳቢያውን ወንፊት እናጸዳለን። ክረምት ሲገባ ግልገል አባይ፣ ጉማራ፣ ርብና መገጭ ደለል ይዘው ስለሚወርዱ ጎማው ቶሎ ይበላል። ወደ ሰሜን ምሥራቁ ዳርቻ የሚሄዱ ጀልባዎች ደግሞ እምቦጭ አለባቸው። አረሙ ጣና ላይ መታየቱ ከተነገረ ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ወዲህ በዚያ በኩል የሚሠሩ ነጂዎች ፕሮፔለራቸውን ከሥር ሲያላቅቁ፣ መሳቢያውንም ሲጠርጉ ይውላሉ። አንዳንዱ ነጂ ፍሰቷ ቆማ እያየ ‹ዳር ደርሰን እናየዋለን› ይላል። ዳር ሲደርስ ፒስተኑ ተጣብቋል። እናንተ ዘንድ ከሚመጡት ሞተሮች ስንቱ በዚህ ምክንያት እንደሚመጣ ማወቅ እፈልጋለሁ፤ ብዙው ይመስለኛል።

በአነስተኛ ሞተሮች ላይ ያየሁት ሌላም ነገር አለ። ፕሮፔለሩን ከዘንጉ ጋር የምታያይዘው ፒን የተሠራችው እንድትሰበር ነው፤ ፕሮፔለሩ ድንጋይ ሲመታ እሷ ተሰብራ ውስጥ ያሉትን ጥርሶች ታድናለች። በእኛ ወደብ አንድ ነጂ በየጊዜው መሰበሯ ቢያናድደው በወፍራም ሚስማር ተካት። ሚስማሩ በእርግጥም አልተሰበረም። ጥርሶቹ ናቸው ያለቁት። ርካሽ ዕቃ ውድ ዕቃ እንዲያድን ተብሎ በሞተር ውስጥ የት የት እንደተቀመጠ ለይቶ ማወቅ ከሙያው ግማሹ ይመስለኛል።

ስለ ዘይትም ጥቂት ልበል፤ ቅር አይበልዎት። ባለ ሁለት ምት ሞተር ዘይቱን ከቤንዚኑ ጋር ያቃጥላል። በአጎቴ ሞተር ለ20 ሊትር ቤንዚን 400 ሚሊ ሊትር ዘይት እንጨምራለን። ለቁጠባ ብለው የሚቀንሱ አሉ፣ ለደህንነት ብለው የሚያበዙም አሉ፤ የመጀመሪያዎቹ ሞተራቸውን ይገድላሉ፣ የሁለተኞቹ ትርፍ ውሃው ላይ ይንሳፈፋል። እኛ ያንኑ ውሃ እንጠጣለን፤ ዓሣውም፣ ቀረሶውም አምባዛውም፣ ከዚያው ይወጣል። ስለዚህ ስቀላቅል በዓይን ግምት አልቀላቅልም፣ የምልክት መስመር ባለው ዕቃ ለክቼ ነው። በወርክሾፑም የተቃጠለ ዘይት በበርሜል ሲጠራቀም አይቼ ደስ ብሎኛል።

ማስታወቂያው ጾታ ስለማይለይ እኔም ጉዳዩን ላነሳው አላሰብኩም ነበር። ሆኖም ማስታወቂያውን ሳነብ በር ላይ ያገኘሁት ሠራተኛ ‹ከባድ ዕቃ ማንሳት አለበት› አለኝ፤ በቅንነት ነው። ባለ 40 የፈረስ ጉልበት ሞተር ከ70 ኪሎ በላይ ይመዝናል። በዚያው ዕለት ግን እንዲህ ያለውን ሞተር ሁለት ወንዶች ተጋግዘው ሲያነሡ ነው ያየሁት። ሁለተኛዋ ሰው መሆን አያቅተኝም፤ የቡና ጆንያ ከጀልባ ሳወርድ ነው ያደግኩት።

ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል የተማርኩት ባሕር ዳር ነው። የክፍል ውጤቴ በፊዚክስና በሒሳብ ከፍ ያለ፣ በእንግሊዝኛ መካከለኛ ነው፤ የሞተር መመሪያ መጽሐፍ ግን መዝገበ ቃላት ይዤ አነባለሁ። በ2017 ዓ.ም. በብሔራዊ ፈተና ያገኘሁት ከ600 ውስጥ 287 ነው። ማለፊያው ግማሽ ስለሆነ ዩኒቨርሲቲ በቀጥታ አያስገባኝም። ‹ሌላ ያጣ ሰው ነው የመጣው› የሚል ጥርጣሬ ቢያድርብዎት አልፈርድብዎትም፤ በአገር ደረጃ ከተፈተኑት ከአሥሩ አንዱ እንኳ ባላለፈበት ዓመት ብዙ ሰው ወዲህና ወዲያ ማየቱ አይቀርም። የማካካሻ ትምህርት ዕድል ቢመጣልኝ እንኳ የአንዱን ዓመት ልምምድ አቋርጬ እንደማልሄድ ግን ከቤተሰቤ ጋር ተነጋግሬ ወስኛለሁ። አባቴ በመጀመሪያ አልተቀበለውም ነበር። ያግባባው አጎቴ ነው፤ ለራሱ ሲል ቢሆንም።

ከተቀበላችሁኝ ሁለት ነገሮችን ከወዲሁ እጠይቃለሁ። አንደኛው፣ ውላችን በጽሑፍ እንዲሆንና የልምምዱ ዓይነትና ጊዜ፣ የሚከፈለኝ አበል እንዲሁም የሥራው ሁኔታ እንዲገለጽበት ነው። ይህ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የተቀመጠ ስለሆነ ለሁለታችንም ይበጃል። የአበሉን መጠን ለእናንተ እተዋለሁ፤ የማድረው ባሕር ዳር ከአክስቴ ቤት ስለሆነ የቤት ኪራይ አያስጨንቀኝም። ሁለተኛው፣ በዓመቱ መጨረሻ የብቃት ምዘና መውሰድ እንድችል የሠራሁት ሥራ በመዝገብ እንዲያዝልኝና ዋና መካኒኩ እንዲፈርምበት ነው። መዝገቡን በየቀኑ የምጽፈው ራሴ ነኝ፤ ከእሳቸው የምፈልገው ፊርማ ብቻ ነው። በመጀመሪያዎቹ ወራት ወለል መጥረግ፣ ብሎን ማጠብና መፍቻ ማቀበል እንደሚበዛ አውቃለሁ። አያስከፋኝም፤ ሲፈታ እስካየሁ ድረስ።

ከዚህ ማመልከቻ ጋር የ12ኛ ክፍል ትራንስክሪፕቴን፣ የብሔራዊ ፈተና ውጤቴንና የፊዚክስ መምህሬ የጻፉልኝን የድጋፍ ደብዳቤ አያይዣለሁ። ስልክ ቁጥሬ በትራንስክሪፕቱ ጀርባ ተጽፏል። ለቃለ መጠይቅም ሆነ ለተግባር ፈተና ከቅዳሜ በስተቀር በማንኛውም ቀን መምጣት እችላለሁ፤ ቅዳሜ ገበያ ስለሆነ ጀልባው ላይ ነኝ። በተግባር ብትፈትኑኝ ግን እመርጣለሁ።

ከሰላምታ ጋር፣

ትዕግሥት ሙሉቀን አያሌው
ባሕር ዳር