ሰኞ ከጠዋቱ 3:10፦ የደንበኞች መረጃ ቢሾልክ ምን እናደርጋለን? የጠረጴዛ ዙሪያ ልምምድ

ይህ ወረቀት በአወያዩ እጅ ብቻ ይቆያል። ልምምዱ ሁለት ሰዓት ገደማ ይፈጃል። የሚቀመጡት ዋና ሥራ አስኪያጁ፣ የአይቲ፣ የሽያጭ፣ የሰው ሀብትና የደንበኞች አገልግሎት ኃላፊዎች፣ እንዲሁም የሕግ አማካሪዋ ናቸው። አንድ ሰው ቃለ ጉባኤ ይይዛል። ቡናው ቀድሞ ይምጣ፤ መሃል ላይ ከመጣ ሐሳብ ይበትናል።

መክፈቻ (ጮክ ተብሎ የሚነበብ)

«እንደምን አደራችሁ። ዛሬ ኮምፒውተር የሚነካ የለም። እኛ 180 ሠራተኛ ያለን፣ የቤት ዕቃ በዱቤ የምንሸጥ ድርጅት ነን። በመዝገባችን የ42,316 ደንበኞች ስም፣ ስልክ፣ የፋይዳ ቁጥርና የደመወዝ ማስረጃ አለ። ጥፋተኛ ለመፈለግ አልተሰበሰብንም። ‹እንዲህ ይደረጋል› ያለ ሰው ግን ማን እንደሚያደርገው አብሮ ይናገር።»

ዱብዳ 1። ዓርብ፣ ከጠዋቱ 3:10

«አንዲት ደንበኛ ደወለች። ትናንት ማታ የደወለላት ሰው ስሟን፣ የገዛችውን ፍሪጅና የቀራትን ዕዳ ልክ ነግሯት፣ ክፍያውን በአዲስ ሒሳብ እንድታስገባ ጠይቋታል። ስልኩን ያነሳችው ልጅ ሥራ ከጀመረች ሁለት ሳምንቷ ነው።»

ልጅቷ ለማን ትናገራለች? አለቃዋ ፈቃድ ላይ ቢሆኑስ? ለደንበኛዋስ ምን ብላ ትመልሳለች? «ለአይቲ እናሳውቃለን» የሚል መልስ አይበቃም። የማን ስልክ? ቁጥሩ የት ተጽፏል?

ዱብዳ 2። 4:00 ሰዓት

የአይቲ ኃላፊው ከሰርቨሩ ያገኙትን አቅርበዋል። ወረቀቱን አድሉ።

```
Thu 23:14 UTC  LOGIN   user=sales07   OK
Thu 23:31 UTC  EXPORT  customers.csv  rows=42316
```

እዚህ ላይ አትቸኩሉ። መጀመሪያ «ይህ ስንት ሰዓት ነው?» ብላችሁ ጠይቁና ዝም በሉ። አንዱ ሐሙስ ማታ 5:14 ይላል፤ ሌላው ሐሙስ ከምሽቱ 11 ሰዓት። ሁለቱም ተሳስተዋል። ሰርቨሩ ከእኛ በ3 ሰዓት ወደ ኋላ ይቆጥራል። ስለዚህ የተገባው ለዓርብ አጥቢያ፣ ሌሊት 8:14 ላይ ነው። የጥበቃውን መዝገብ ከሰርቨሩ ጋር ለማመሳከር የፈለገ ሰው በዚህ ስሌት ግማሽ ቀን ሊያባክን ይችላል። በሪፖርታችን በየትኛው አቆጣጠር እንጽፋለን?

ደግሞም ደንበኛዋ የተደወለላት ሐሙስ ማታ ነው። ፋይሉ የወጣው ከዚያ በኋላ ነው። ይህን ማንም ካላነሳ አወያዩ ያንሳው፦ ሌባው ከዚህ በፊትም ገብቶ ነበር ማለት ነው?

sales07ን አሁኑኑ እንዝጋው? ሰርቨሩን ማጥፋት የሚያጓጓው ሰው አይጠፋም። ካጠፋነው በሰርቨሩ ሜሞሪ ላይ ያለው ዱካ ይጠፋል። ከመረብ መነጠልስ?

ዱብዳ 3። 5:30

«የሰው ሀብት አጣራ። የsales07 ባለቤት ከሥራ ከለቀቀ አራት ወሩ ነው።»

ሁሉም ወደ ሰው ሀብት ዞሮ ያያል። አወያዩ ይግባ፦ ልጁ ነው ሰርቆ የሸጠው ወይስ የይለፍ ቃሉን ሌላ ሰው አገኘው? እስካሁን ማስረጃ የለንም። በስሙ ፖሊስ ጋ ከመሄዳችን በፊት ምን በእጃችን ሊኖር ይገባል?

ዱብዳ 4። ዓርብ፣ ከሰዓት 9:00

«አንድ የቴሌግራም ቻናል የ50 ደንበኞችን ዝርዝር ለቀቀ። ‹5,000 ዶላር በክሪፕቶ፣ አለዚያ ቀሪው ይለቀቃል› ይላል። አንድ ጋዜጠኛም እየደወለ ነው።»

የሕግ አማካሪዋ ቀድመው ይናገሩ። በግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን የምናሳውቀው በ72 ሰዓት ውስጥ ነው። ካወቅንበት ከዓርብ 3:10 ብንቆጥር ሰኞ 3:10 ያልቃል። ቅዳሜና እሑድ ቢሮ ዝግ መሆኑ ሰዓቱን አያቆመውም። ወይስ ማወቃችን የሚቆጠረው የሰርቨሩን ወረቀት ካየን በኋላ ነው? ይከራከሩ። የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደርንስ የሚያናግር ማን ነው?

ገንዘቡ ይከፈል የሚል ካለ፣ ፋይሉ እንደተሰረዘ በምን እንደሚያውቅ ያስረዳ። ለጋዜጠኛው «መረጃው ሐሰት ነው» ማለት የሚቃጣው ይኖራል። 50ዎቹ ስሞች ግን እውነተኛ ናቸው።

ቀጥሎ 10 ደቂቃ ስጡና ለደንበኞች የሚላከውን አጭር መልእክት በአማርኛ ያስጽፉ። ከሦስት ዓረፍተ ነገር አይበልጥም። «ለተፈጠረው መጉላላት» የሚል ካለበት ይመለስ። ደንበኛው ማወቅ የሚፈልገው ምኑ እንደወጣና ማን ቢደውል ብር እንዳይልክ ነው።

ዱብዳ 5። ሰኞ፣ ከጠዋቱ 2:40

«ሪፖርቱ ተዘጋጅቷል። ዋና ሥራ አስኪያጁ አውሮፕላን ላይ ናቸው። ስልካቸው አይሠራም።»

ዋና ሥራ አስኪያጁ ከዚህ በኋላ አይናገሩም፤ ወንበራቸውን ከጠረጴዛው ያርቁ። ማን ይፈርማል? ውክልናው በጽሑፍ አለ? ስንት ደንበኛ እንደተጎዳ ገና ካልተጣራ ያለንን እንላክ ወይስ እንጠብቅ? 30 ደቂቃ አላችሁ፤ ሰዓቱ በእውነት ይቆጠር።

መዝጊያ

ቃለ ጉባኤ የያዘው ሰው «ማን እንደሆነ እናጣራለን» የተባለበትን ቦታ ሁሉ ያንብብ። ለእያንዳንዱ አንድ ስምና አንድ ቀን ይጻፍለት። የለቀቁ ሠራተኞች ዝርዝር ግን ቀጠሮ አይሰጠውም፤ አይቲና ሰው ሀብት ዛሬ ከምሳ በፊት አብረው ያመሳክሩት።