የግብር ክሊራንስ እንዲሰጠን ስለመጠየቅ

ቁጥር፦ ወበ/041/17
ቀን፦ ኅዳር 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ገቢዎች ቢሮ
የካ ክፍለ ከተማ ቅርንጫፍ ጽ/ቤት
አዲስ አበባ

ድርጅታችን ወይራ በር የእንጨት ሥራ ኃ/የተ/የግ/ማኅበር፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር 0069318427፣ ሰባት ሠራተኞች ያሉት አነስተኛ የቤት ዕቃ ማምረቻ ነው። የ2016 በጀት ዓመት ግብራችንን አስታውቀን ከፍለናል። ክሊራንሱን የምንፈልገው ለሁለት ጉዳይ ነው፤ አንዱ ለንግድ ፈቃድ እድሳት፣ ሌላው ለተማሪ ዴስክ አቅርቦት ጨረታ። ጨረታው የሚዘጋው ኅዳር 25 ነው። ስለዚህ ለየጉዳዩ አንድ አንድ ደብዳቤ እንዲጻፍልን እንጠይቃለን።

በዓመቱ ያገኘነው ግብር የሚከፈልበት ትርፍ 418,300 ብር ነው። በ30 በመቶ ሲሰላ ግብሩ 125,490 ብር ይሆናል። ደንበኞቻችን በቅድሚያ ቀንሰው ያስገቡት 61,240 ብር ሲቀነስ ቀሪውን 64,250 ብር ጥቅምት 21 ቀን 2017 ከፍለናል። ከግብር በኋላ የቀረው 292,810 ብር ለባለአክሲዮኖች አልተከፋፈለም። ካፒታል እንዲያድግበት ተወስኗል።

አንድ ነገር ግን አስቀድመን ማስረዳት አለብን። የግንቦት 2016 ተጨማሪ እሴት ታክስ፣ ማለትም 23,184.50 ብር፣ ሰኔ 27 ቀን በባንክ ገብቷል። ሆኖም ሠራተኛችን የክፍያውን ወር ስትሞላ ግንቦት በማለት ፈንታ ሚያዝያ ብላ ጽፋለች። ስለዚህ በመዝገቡ ላይ ሚያዝያ ትርፍ ክፍያ፣ ግንቦት ደግሞ ዕዳ ሆኖ ይታያል። ስህተቱ የእኛ ነው። ገንዘቡ ግን በጊዜው ገብቷል። ክሊራንሱ ከመሠራቱ በፊት ክፍያው ወደ ግንቦት ተዛውሮ እንዲታረምልን፣ ቅጣትና ወለድ ተሰልቶ ከሆነም እንዲነሳልን በትሕትና እንጠይቃለን። የሁለቱን ወራት ማስታወቂያና የባንኩን ደረሰኝ ከፊት አድርገን ያያያዝነው ለዚህ ነው።

ከእነዚህ ሌላ የንግድ ምዝገባና የንግድ ፈቃድ፣ የግብር ከፋይ መለያና የተጨማሪ እሴት ታክስ ምዝገባ የምስክር ወረቀቶችን ኮፒ አያይዘናል። በተፈቀደለት ኦዲተር የተመረመረው የሒሳብ መግለጫ፣ ዓመታዊው የግብር ማስታወቂያና የክፍያ ደረሰኙም አሉ። የደንበኞቻችን የቅድመ ግብር ደረሰኞች ዋናው አሉ፤ ተመሳክረው ይመለሱልን። የሥራ ግብር፣ የጡረታ መዋጮና የተጨማሪ እሴት ታክስ የ12 ወር ማስታወቂያዎች ከነደረሰኛቸው በየወሩ ተለይተው ታስረዋል። የቤት ኪራይ ውሉና ካፒታል ለማሳደግ የተወሰነበት የጸደቀ ቃለ ጉባኤም ተካተዋል።

ማስረጃውን የሚያቀርበውና ክሊራንሱን የሚረከበው ውክልና የሰጠነው የሒሳብ ሠራተኛችን ነው። የውክልናውና የመታወቂያው ኮፒ ከማመልከቻው ጋር አለ። የጎደለ ነገር ከተገኘ በደብዳቤው ራስጌ ባለው ስልክ ቢነገረን በዚያው ቀን እናመጣለን።

ከሰላምታ ጋር

አስቴር ወልዴ
ሥራ አስኪያጅ
(ፊርማና ማኅተም)

ግልባጭ፦ ለሒሳብ ክፍል