እንግባ ወይስ እንተው? የኮሌጁ የቢሮ ዕቃ ጨረታ ማጣሪያ

ለአክሲዮን አባላት በሙሉ፣ ከሂሳብ ክፍል፣ አዘዞ ወርክሾፕ

በኩር ላይ የወጣውን ማስታወቂያ ወደ ጥያቄ ቀይሬዋለሁ። ጨረታው በ16ኛው ቀን 4፡00 ሰዓት ይዘጋል። «ግድ» ያልኩት ላይ አንድ «የለም» ከመጣ ዋጋ መሙላት ትርፉ ድካም ነው።

☑ ግድ፦ በዘርፉ የታደሰ ንግድ ፈቃድ አለን? ታድሷል። «በዘርፉ» የምትለዋን ግን ልብ በሉ። የእኛ ፈቃድ የእንጨት ሥራ ነው። ሎት 1 ጠረጴዛና ወንበር፣ እንጨት ነው፤ ያስገባናል። ሎት 2 የብረት መደርደሪያ ነው። ብየዳ ስለምንችል ብቻ ፈቃዱ አይሰፋም። ሎት 2ን እንተው።

☑ ግድ፦ ቲን፣ ቫት፣ የአቅራቢነት ምዝገባ? ሦስቱም አሉ። ሎት 1ን 400,000 ብር ገምቼዋለሁ፤ ከ15 በመቶ ቫት ጋር 460,000 ይሆናል። ዋጋ ስንሞላ ቫቱን ጨምረን ነው።

☐ ግድ፦ የታክስ ክሊራንስ? ያለን ጊዜው አልፎበታል። ማክሰኞ ጠዋት ገቢዎች እሄዳለሁ።

☐ ግድ፦ የጨረታ ማስከበሪያ? ለሎት 1 ብር 8,000። ማስታወቂያው ሲፒኦ ወይም በሁኔታ ላይ ያልተመሠረተ የባንክ ዋስትና ይላል። «ካደራጀን ጽሕፈት ቤት ደብዳቤ እናምጣ» ያላችሁ ነበራችሁ። ሰነዱ ላይ ካልተፈቀደ በጽሑፍ እንጠይቅ፤ እስኪመልሱ ግን ሲፒኦ ብለን እንቁጠር። ሲፒኦው በኮሌጁ ስም፣ ፊደሉ ሳይዛነፍ ይሠራ።

☑ ግድ፦ የተመሳሳይ ሥራ ደብዳቤ? ዴስክ የሠራንለት ትምህርት ቤት የጻፈልን አለ። ማኅተሙም ይነበባል።

እስካሁን ያለው ወረቀት ነው። የሚያስፈራኝ ገንዘቡ ነው።

☐ ካሸነፍን አቅማችን ይችላል? የውል ማስከበሪያው 10 በመቶ ነው፣ 46,000 ብር። ጣውላና ሌላ ጥሬ ዕቃ 210,000። በባንክ ያለን 230,000። ክፍያው የሚመጣው ዕቃውን ከተረከቡ ከ30 ቀን በኋላ ነው፤ መንግሥት መቼ በቀኑ ከፍሎ ያውቃል? ጣውላ ነጋዴው ግማሹን በዱቤ ካልሰጠን አንችልም። ከሰጠን 79,000 ይተርፈናል፤ ደመወዝና ኢሱዙ ከዚያ ይሸፈናል። ርክክቡ ደባርቅ ቅርንጫፍ ነው፣ ማጓጓዣውም በእኛ ወጪ። ይህ ዋጋው ውስጥ ይግባ።

ፖስታ፦ ኦርጅናልና ኮፒ ለየብቻ፣ በሰም ታሽጎ፣ በየገጹ ማኅተምና ፊርማ። ስርዝ ድልዝ ካለ ጎኑ ላይ ይፈረም።

ለጊዜው ውሳኔዬ፦ ሎት 1 እንግባ፣ በሁለት ነገር ላይ ተንጠልጥሎ። ክሊራንሱ ከወጣና ነጋዴው ዱቤውን በጽሑፍ ካረጋገጠልን። ሁለቱ እስከ ረቡዕ 11፡00 ሰዓት ካልተሟሉ ሲፒኦ አላሠራም፣ ሰነዱንም አልገዛም።