እማዬ ወጥ ስትቀምስ

የፎቶው ጠርዝ ቢላጥም፣ ቀለሙ አልለቀቀም፣
ያነሳው ወንድሜ፣ ጭሱን አላወቀም።
የጥር ሚካኤል ነው፣ ማኅበር የኛ ተራ፣
ሽምብጥ ካለው ቤት፣ ጎረቤት ተጠራ።

ሰው ባሕር ዳር ሲመጣ፣ የሚያነሳው ጣና፣
ታንኳና ደሴት ነው፣ የዘንባባ ጎዳና፤
ወንድሜ ግን ያኔ፣ ለሐይቁ ጀርባ ሰጥቶ፣
አንድ ፊልም ጨረሰ፣ ጓዳችን ውስጥ ገብቶ።

በግራ ጠርዝ በኩል፣ ክንድ ብቻ ይታያል፣
የጎረቤታችን፣ አምባሯ ያስታውቃል፤
ቃሪያና ቲማቲም፣ መክተፊያው ላይ ሞልቷል።

በምጣዱ በኩል፣ አክስቴ ጎንበስ ብላ፣
አክንባሎ ገልጣ፣ በእንፋሎት ተከልላ፤
ከዳር ወደ መሐል፣ ሊጡን ስታዞረው፣
ቀና በይ ቢሏትስ፣ እንጀራው ሊያርር ነው!

ከበሩ መቃን ሥር፣ ዓሣ አምጪው ቆሟል፣
በደንገል ልጥ ስቦ፣ ቆሮሶ አንጠልጥሏል፤
ሒሳብ ሊቀበል ነው፣ እግሩ ግን ተተክሏል።
እኔም ከመሶብ ሥር፣ እንቁላል ስልጥ ገና፣
(የሁለት ዶሮ ብልት፣ ሃያ አራት ነውና)።

መሐል ላይ እማዬ፣
ነጠላዋን አጥፋ፣ ወገቧን ታጥቃለች፣
በእግሯ ጣት ጭራሮ፣ ወደ እሳት ትገፋለች፣
ማማሰያ ይዛ፣ ድስቱን ከፍታለች።
ከሌሊት ጀምሮ፣ ሽንኩርቱ ሲቁላላ፣
ውሃ ጠብ እያለ፣ ደጋግሞ ሲብላላ፣
በርበሬው ገብቶበት፣ ቅቤው ተከትሎ፣
ብልቱ የገባው፣ ፀሐይ ብቅ ብሎ።

ከማማሰያው ጫፍ፣ ጠብ አርጋ ወጡን፣
በግራ መዳፏ፣ ልትቀምስ ጣዕሙን፤
መዳፏ መሐል ላይ፣ ያቺ ቀይ ጠብታ፣
የቅቤ ቀለበት፣ ዙሪያዋን ተቀብታ።

ልብ ብላችሁ እዩ፣ ሁሉም ጆሮ ሆኗል፣
የጎረቤት ቢላ፣ አየር ላይ ቀርቷል፣
ዓሣ አምጪው እንኳ፣ ሒሳቡን ረስቷል።
የማኅበሩ ሙሴ፣ ሳሎን ተቀምጦ፣
ወሬ ያሟሙቃል፣ ጠላውን ጨብጦ፤
ዳኛዋ ግን ጓዳ፣ ዓይኗን የጨፈነች፣
ወጡ ይውጣ አይውጣ፣ ገና ያልፈረደች።

ፎቶው እዚህ ቆመ። የቀረውን እኔ፣
እዚያው የነበርሁት፣ የሰማሁት በጆሮዬ፣ ያየሁት በዓይኔ፦

ዓይኗን ገለጠችው፣ መዳፏን ጠረገች፣
ወደ ሁላችንም፣ ዞር ብላ ጮኸች፦
«ጨውስ ይሁን ደህና፣ ኮረሪማው የታል?
ይሄስ ሰው ምን ሆኖ፣ ቆሞ ይጠብቃል?
ሒሳቡን ስጡታ! ዓሣው ፀሐይ መታው!
እንቁላሉስ አንቺ፣ እስካሁን አልተላጠ? በይ ቶሎ ጨርሺው!
አንተም ከዚያ በር ላይ፣ ዞር በል ጭሱ ይውጣ፣
ያን ካሜራ አስቀምጥና፣ ባልዲ ውሃ አምጣ!»